ከአዲስ አበባ ወሎ ለሚጫን ዕቃ የትኛው ኢንሹራንስ ይሻላል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የጅምላ መደብር ያለው ነጋዴ ኢንሹራንስ ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «በመቶ ስንት ትወስዳላችሁ?» ነው። አይፈረድበትም። ትርፉ ጠባብ ነው፣ የመኪና ኪራዩም ጨምሯል። ግን ዋጋው ብቻውን የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው። ርካሹ ፖሊሲ ለፌሮ ነጋዴ ይበቃው ይሆናል። ያው ፖሊሲ ለፓስታና ለዘይት ነጋዴ ግን በአብዛኛው ጉዳት ላይ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ውዱ ፖሊሲም ቢሆን ሸራው የተቀደደ ከሆነ ወይም ጀሪካኑ በዘፈቀደ ከተደረደረ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፦ የእኔ ዕቃ መንገድ ላይ በምንድነው የሚበላሸው?

ነገሩ እንዲገባን አንድ ጭነት ይዘን እንሂድ። መርካቶ የተገዛ 150 ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካንና 200 ካርቶን ፓስታ ነው። መድረሻው ደሴ። ጀሪካኑ 19 ኪሎ ገደማ፣ ካርቶኑ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ተደምሮ ወደ 50 ኩንታል ይጠጋል። ለስሌት እንዲመች ጀሪካኑን 5,600 ብር፣ ካርቶኑን 1,200 ብር እንበለው። ዘይቱ 840,000፣ ፓስታው 240,000፣ የመኪና ኪራዩ 20,000 ይሆናል። ድምሩ 1,100,000 ብር። የራሳችሁን ዋጋ አስገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ አካሄዱ አይቀየርም።

«አይዞሽ እህቴ፣ መኪናው ኢንሹራንስ አለው»

ይህን የማይል ደላላ የለም። ውሸቱንም አይደለም፤ መኪናው ኢንሹራንስ አለው። ያለው ግን መኪናው ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ግዴታ ስለሆነ ሁሉም ይገባዋል። እሱ መኪናው በሌላ ሰውና በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሉት ደግሞ የመኪናውን አካል ይጨምራል። አይሱዙው ቢገለበጥ ባለቤቱ ጋቢናውንና ሞተሩን ያሠራበታል። ላዩ ላይ የነበረው ዘይት ግን በዚያ ውል ውስጥ የለም። እንዲያውም የተሽከርካሪ ፖሊሲዎች መኪናው የተሸከመውን ዕቃ ለይተው ያስወጡታል።

አንዳንድ የመኪና ባለቤቶችና ማኅበራት ከዚህ ሌላ የአጓጓዥ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይገዛሉ። ይህኛው ስለ ዕቃው ነው፣ ግን የተገዛው ለባለመኪናው ነው። የሚከፍለው ባለመኪናው በሕግ ተጠያቂ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ጎርፍ መንገዱን ጠርጎ መኪናውን ከወሰደው «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ዕቃው በደንብ ስላልታሸገ ተበላሸ ከተባለም ጥፋቱ ወደ እናንተ ይመለሳል። መርካቶ ላይ ጫኝና አውራጁን የቀጠረው ማን ነበር? ከፋዩ እናንተ ከነበራችሁ ባለመኪናው «የጫኑት የእሷ ሰዎች ናቸው» ይላል። በዚያ ላይ ለአንድ መኪና የተቀመጠ ጣሪያ አለው። 300,000 ብር ጣሪያ ያለው ውል ለ1,100,000 ብር ጭነት ምን ያህል እንደሚሆን ማስላት አያስቸግርም።

ይህን አማራጭ ጨርሶ አልጥለውም። ከጎን ሲኖር ጥሩ ነው። ባለመኪናው «አለኝ» ካለ የፖሊሲውን ፎቶ ኮፒ ጠይቁት፤ ጣሪያውንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። በራሳችሁ ስም የተገዛውን ግን አይተካም።

ጠባቡና ሰፊው

በራሳችሁ ስም የምትገዙት ቢሮ ውስጥ ጉድስ ኢን ትራንዚት ሲባል የምትሰሙትን ነው። በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚሰጥ መድን ማለት ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ የግሎቹ ኩባንያዎች ይሸጡታል። ዝርዝሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ ግን በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው።

ጠባቡ አደጋዎቹን በስም ይዘረዝራል። እሳት፣ ግጭት፣ መገልበጥ። አንዳንዱ የድልድይ መደርመስንና ጎርፍን ይጨምራል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አደጋ አይሸፈንም ማለት ነው። ሰፊው፣ ኦል ሪስክ የሚሉት፣ ከኋላ ይነሳል። በጉዞ ላይ ድንገት የደረሰ የትኛውንም ጉዳት እከፍላለሁ ይልና ከዚያ የማይከፍላቸውን ይዘረዝራል። ስሙ ሁሉንም ይላል እንጂ ሁሉንም አይሸፍንም።

በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የማያየው ልዩነት የማስረዳት ሸክሙ ማን ላይ ነው የሚለው ነው። በጠባቡ «ግጭት ነበር» ወይም «ተገልብጧል» ብላችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ከሌለ ነገሩ ይከብዳል። በሰፊው ግን እናንተ የምታሳዩት ዕቃው ሲጫን ደህና እንደነበር፣ ሲደርስ እንደተጎዳ ነው። «ይህ ከማይሸፈኑት አንዱ ነው» ብሎ የማስረዳቱ ሥራ የኩባንያው ይሆናል። ክርክር ሲነሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዋጋውን ነገር በምሳሌ እንየው። ጠባቡ ከመቶ 0.2፣ ሰፊው ከመቶ 0.4 ነው እንበል። እውነተኛውን ቁጥር ቢሮው ይነግራችኋል፤ እንደ ዕቃው፣ እንደ መንገዱና እንደ መኪናው ይለያያል። በዚህ ስሌት ለጭነታችን ጠባቡ 2,200፣ ሰፊው 4,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 2,200 ብር ነው። ለ350ው ጀሪካንና ካርቶን ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ7 ብር በታች ይደርሳል። ለ7 ብር ሰፊውን ግዛ ማለት ቀላል ነበር። ግን ያ 7 ብር ዋጋ የሚኖረው ዕቃው በአግባቡ ከታሸገና ከተጫነ ብቻ ነው።

ዝናቡ ጣርማ በር ላይ ሲይዘው

መኪናው ከሰዓት በኋላ መርካቶ ጫነ። ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ጉምና ዝናብ ያዘው። ዋሻውን ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ከፊቱ የቆመ መኪና አየና ፍሬኑን አጥብቆ ያዘ። ግጭት የለም፣ መገልበጥም የለም። ጭነቱ ግን ወደ ፊት ተንሸራተተ። ጠዋት ደሴ ሲራገፍ ታችኛው ረድፍ ላይ የነበሩ 12 ጀሪካኖች በክዳናቸው በኩል ፈስሰዋል። ዘይቱ 30 ካርቶን ፓስታ አበላሽቷል። በሸራው ጥግ በገባ ውሃ ደግሞ ሌላ 40 ካርቶን ርሷል።

እናስላው። 12 ጀሪካን 67,200 ብር፣ ዘይት የነካው ፓስታ 36,000፣ ዝናብ የመታው 48,000። ድምሩ 151,200 ብር።

ጠባቡን የገዛ ነጋዴ ከዚህ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ከተዘረዘሩት አደጋዎች አንዱም አልደረሰም። ኢንሹራንስ ያታልላል የሚሉ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ያማረሩት እንዲህ ባለ ቀን ነው። ኩባንያው አላታለለም፤ የተገዛው ያ ነበር።

ሰፊውን የገዛ ነጋዴ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው ስለ ሸራው ነው። ሸራው ደህና ሆኖ ሳለ ንፋስ ገንጥሎት ውሃ ከገባ ድንገተኛ ጉዳት ነው፤ ይከፈላል። መርካቶ ሲነሳም ቀዳዳ ከነበረው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ፖሊሲ ላይ «ጭነቱ ውሃ በማያስገባ ሸራ ይሸፈናል» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ። ያ ካልተሟላ 48,000ው ይወድቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ጀሪካኖቹ ስንት ረድፍ ተደርድረው ነበር የሚል ነው። ከሚችሉት በላይ ተከምረው ከሆነ «በቂ ያልሆነ ማሸጊያና አጫጫን» የሚለው አንቀጽ ይመዘዛል። ያኔ 67,200ው አብሮም 36,000ው ይሄዳል።

ሁለቱም ጥያቄ ከታለፈ ከጉዳቱ ላይ ኤክሰስ የሚባለው ተቀናሽ ይነሳል። ከመቶ 10 ነው ካልን 15,120 ብር የነጋዴው ነው። በእጁ የሚገባው 136,080 ይሆናል። ፖሊሲ ስታወዳድሩ ይህን ተቀናሽ ለኩባንያው ከምትከፍሉት አረቦን እኩል እዩት። «ከጉዳቱ ከመቶ 10፣ ቢያንስ 25,000 ብር» የሚል ውል የ20,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ምንም አይከፍልም። የዘይትና የፓስታ ጉዳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትናንሽ ነው። ዝቅተኛ ተቀናሽ ያለው ውል አረቦኑ ትንሽ ከፍ ቢልም ለእንደዚህ ዓይነት ዕቃ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ማሸጊያው ላይ እንቆይ

ውሉ «በቂ ማሸጊያ» ይላል እንጂ ስንት ካርቶን በስንት ረድፍ አይልም። ጉዳቱን የሚመረምረው ሰርቬየር ሲመጣ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዕቃ በዚህ አስተሻሸግ የተለመደውን የመንገድ መንቀጥቀጥ ይችል ነበር? የተለመደውን ነው የሚለው። ኮረኮንች፣ መታጠፊያ፣ ቁልቁለትና ፍሬን የወሎ መንገድ የዕለት ቀለቡ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወደ ደሴ ስትወጡ ጭነቱ ወደ ኋላ ይጎተታል። ጣርማ በርን ስትወርዱ ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ያልቻለ ማሸጊያ «አደጋ ደረሰብኝ» ሊል አይችልም።

የዘይት ጀሪካን ደካማ ጎኑ ክዳኑና ትከሻው ነው። ላዩ ላይ ሲጫኑት ትከሻው ይጎብጣል፣ ክዳኑ ይላላል፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ፋብሪካው ስንት ረድፍ እንደሚፈቅድ ካርቶኑ ወይም መለያው ላይ ካለ ያንን አትለፉ። ከሌለ አከፋፋዩን ጠይቁና መልሱን ጻፉት። በየረድፉ መካከል ጣውላ ወይም ጠንካራ ካርቶን ማንጠፍ ክብደቱን ያከፋፍላል። ክዳኑ ወደ ላይ ይሁን። ጀሪካንን አስተኝቶ መጫን ቦታ ይቆጥባል፤ ካሳ ግን ያሳጣል። ፋብሪካ ያሸገው ክዳንና ተከፍቶ እንደገና የተሞላ ጀሪካንም አንድ አይደሉም። እንደገና የተሞላው ቢፈስ ኩባንያው ለመቃወም ብዙ አይቸገርም።

ካርቶን ደግሞ ጠላቱ ውሃና ግፊት ነው። ስፖንዳው አጠገብ ያለው ካርቶን በሸራ ጥግ የሚገባውን ውሃ መጀመሪያ ይቀምሳል። ወለሉ ላይ ያለው ደግሞ ከጎማ የሚረጨውን ከታች ይጠጣል። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፎ ላዩ ላይ እንጨት መደርደር ትንሽ ወጪ ነው። ቀልብ ያለው ረዳት ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል፤ ሁሉም ግን ቀልብ የለውም።

ዘይትና ፓስታ አብሮ ሲጫን ከባዱ ከታች ይሁን የሚለው ልማድ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ጀሪካኑ ከታች ካርቶኑ ከላይ ሆኖ ከተነካኩ የአንዱ ጀሪካን መፍሰስ አሥር ካርቶን ይዞ ይሄዳል። ዘይቱን ከፊት፣ ከስፖንዳ እስከ ስፖንዳ ሞልቶ፣ ፓስታውን ለብቻው ከኋላ አድርጎ፣ መሃላቸውን በላስቲክና በጣውላ መለየት ይሻላል። የክብደቱ ሚዛን እንዳይዛባ ግን ሹፌሩ ይስማማ። ባዶ ክፍተት ከቀረ በድርድሩ መሃል ባዶ ጆንያ ጠቅጥቁበት። ጭነት የሚንሸራተተው ቦታ ሲያገኝ ነው።

ማንም የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። መኪናው ትናንት ምን ጭኖ ነበር? ጨው፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ ወይም ነዳጅ የፈሰሰበት ወለል ላይ የተጫነ ፓስታ ሽታ ይዞ ይደርሳል። ሽታ የያዘ ምግብ ገበያ የለውም። ኩባንያው ደግሞ «የመኪናው ለጭነቱ አለመመቸት» ይለዋል። መኪናው ሲመጣ ወለሉን ጥረጉ፣ አሽትቱ፣ ካልሆነ መልሱት።

የመኪናው የመጫን አቅምም ቀልድ አይደለም። ሊብሬው ላይ 50 ኩንታል የሚል አይሱዙ 65 ጭኖ ከተገለበጠ፣ ጠባቡም ሰፊውም ፖሊሲ ጥያቄ ያነሳል። ደላላው «ትንሽ ብንጨምርበትስ?» ሲል የሚያተርፈው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገ ነጋዴ ማስረጃ ካልያዘ ምንም አላደረገም። ስልካችሁን አውጡ። ባዶውን ወለል፣ ግማሽ ሲጫን፣ ሸራው ከተወጠረ በኋላ አራቱንም ጎን ከነታርጋው ፎቶ አንሱ። የጭነት ወረቀቱ ላይ ብዛቱን ጻፉና ሹፌሩ ይፈርም። «ሸራው ደህና ነው» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ጣርማ በር ላይ የሆነው ነገር ሲከሰት 136,080ውን የሚያስገኘው ይህ ፎቶ ነው።

በስንት ብር ላይ ይገባ?

አረቦን ለመቀነስ ብዙ ሰው የዕቃውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። ደረሰኙም ዝቅ ብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢንሹራንስ ግን እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። 1,100,000 የሚያወጣውን ጭነት 660,000 ብላችሁ ካስገባችሁ ከመቶ 60 ብቻ ነው ያስገባችሁት። ቀሪው 40 እጅ እናንተ ራሳችሁ መድን እንደሰጣችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳቱ በከፊል ቢሆንም የሚከፈለው 60 እጁ ነው።

ከላይ ያለው 151,200 ወደ 90,720 ይወርዳል። ከእሱ ላይ ከመቶ 10 ተቀናሽ ሲነሳ 81,648 ብር ይቀራል። በሰፊው ፖሊሲ ላይ የተቆጠበው አረቦን 1,760 ብር ነበር። የጠፋው ካሳ 54,432 ብር ነው።

ግምቱ ሲሞላ የግዢው ዋጋና የመኪና ኪራዩ ይካተቱ። ደሴ ላይ የምታገኙት ትርፍ ግን በተለይ ካልተስማማችሁ አይካተትም።

የአንድ ጉዞ ወይስ የዓመት?

በዓመት ሦስት አራቴ ብቻ የሚጭን ሰው የአንድ ጉዞ ፖሊሲ ይበቃዋል። ከመጫኑ በፊት ይሄዳል፣ ዕቃውን፣ ታርጋውን፣ መነሻና መድረሻውን ያስመዘግባል፣ ይከፍላል። ችግሩ ጊዜ ነው። መኪና በድንገት ሲገኝ፣ ቅዳሜ ማታ ሲጫን፣ ቢሮው ዝግ ነው። «ሰኞ እገባለሁ» ያለው ጭነት እሁድ ጠዋት ደብረ ሲና ላይ ነው።

በየሳምንቱ ለሚጭን ሰው የዓመቱ ክፍት ፖሊሲ ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል እንደምትጭኑ ትገምታላችሁ፣ በዚያ ላይ ቅድሚያ አረቦን ትከፍላላችሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በትክክለኛው ይታሰባል። እያንዳንዱን ጭነት ግን ማሳወቅ አለባችሁ። በስልክ መልእክት ይበቃል ወይስ ፎርም ይሞላል? ከመነሳቱ በፊት ወይስ በወሩ መጨረሻ? ይህን በጽሑፍ አስይዙ። ትናንሾቹን ጭነቶች እየዘለለ ትልቁን ብቻ የሚያሳውቅ ነጋዴ ካሳ ሲጠይቅ መዝገቡ ይፈተሻል።

የዓመቱ ፖሊሲ ሌላው ወጥመድ የአንድ መኪና ጣሪያ ነው። በመደበኛው ወር በአንድ መኪና 1,100,000 የምትጭኑ ከሆነ ጣሪያውን እዚያው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ረመዳን ይገባል፣ ወይ ፋሲካ ይደርሳል፣ ጭነቱ 1,600,000 ይሆናል። ከጣሪያው በላይ ያለው የእናንተ ነው። ጣሪያውን በበዓሉ ጭነት ልክ አስቀምጡት። ወይም ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት በማሻሻያ አስነሱት።

ከደሴ ወደ ወገል ጤና፣ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም የምታሳልፉ ሰዎችም ተጠንቀቁ። መድረሻው ደሴ ተብሎ የተጻፈ ፖሊሲ ደሴ ላይ ያበቃል። ዕቃው ሌላ ትንሽ መኪና ላይ ሲገለበጥ ሌላ ጉዞ ነው። መጫንና ማራገፉስ ይካተታል? አንዳንዱ ውል የሚጀምረው መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው፣ የሚያበቃውም ሲቆም። አውራጁ ሰኞ ገበያ ላይ ጀሪካን ከትከሻው ቢጥል በዚህ ውል አይከፈልም። «ከመጫን እስከ ማራገፍ» የሚል ቃል መኖሩን እዩ።

መኪናው ሲያድር፣ መንገዱ ሲዘጋ

ሌብነት በጠባቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም። በሰፊው አለ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መኪናው ሸዋ ሮቢት ወይም ከሚሴ ካደረ ጥበቃ ባለው ግቢ መሆን አለበት። ሹፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ ሆቴል ቢተኛና ሸራው ተቀዶ ካርቶን ቢወሰድ ክፍያው አጠያያቂ ነው። የማደሪያውን ደረሰኝ ሹፌሩ ይያዝ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። መኪና ተገልብጦ ዕቃው ሜዳ ላይ ሲበተን፣ ሹፌሩ እርዳታ እስኪያገኝ ግማሹ በሰው ይወሰዳል። መገልበጡን ጠባቡ ይከፍላል። ከተገለበጠ በኋላ የተወሰደውንስ? አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ «ይህ ስርቆት ነው» ይላል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት ከጠባቡም ከሰፊውም ውጭ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ተራ የዕቃ ፖሊሲ ይዞ የነበረ ሰው ይህን አይቶታል። ሁከት፣ አድማና የመሳሰለው ተጨማሪ ተከፍሎበት ሊገባ ይችላል፤ ኩባንያው ግን መንገዱን አይቶ እምቢ ሊል ወይም ዋጋ ሊሰቅል ይችላል። በጣም የሚያከራክረው የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ዕቃ ሲወስዱ ነው። ዝርፊያ ነው ወይስ ግጭት? ፖሊሲው «የትጥቅ ዝርፊያ» የሚል ቃል በግልጽ ካላስቀመጠ የሚፈርደው ክርክር ነው። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሰንብቶ ቢበላሽም መዘግየት በሁለቱም አይሸፈንም። ከቆቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያወርዱ ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው። ለእነሱ መኪና ቢገለበጥ የሚከፍለው ጠባቡ ይበቃቸዋል። የመበስበሱን ነገር ሰፊውም አይነካው።

ደሴ ሲደርስ

ሹፌሩ ይቸኩላል። «እትዬ፣ ፈርሚልኝና ልሂድ» ይላል። ዕቃው ተቆጥሮ ሳያልቅ አይፈረም። ከተፈረመም ጉዳቱ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፦ «12 ጀሪካን ፈስሷል፣ 30 ካርቶን ዘይት ነክቶታል፣ 40 ካርቶን ርሷል»። ምንም ሳይጻፍ የተፈረመ ወረቀት ዕቃው ደህና ደረሰ ማለት ነው፤ በኋላ ጉዳቱ መንገድ ላይ ይሁን መጋዘን ውስጥ ማስረዳት ይከብዳል።

ለኩባንያው በዚያው ቀን ደውሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ አስገቡ። የተበላሸውን ከደህናው ለዩት እንጂ አትጣሉት። ሰርቬየሩ ሳያየው የተጣለ ካርቶን እንዳልነበረ ይቆጠራል። ዝም ብሎ መመልከትም አይፈቀድም። ውሃ የነካውን አውጥቶ ማናፈስ፣ ላዩ ብቻ የራሰውን ካርቶን መቀየር የእናንተ ግዴታ ነው። ለእዚህ ያወጣችሁትን ወጪ ደረሰኙን ያዙ። በቅናሽ የሚሸጥ ካለ ከኩባንያው ጋር ተስማምታችሁ ሽጡት፤ የተገኘው ከካሳው ላይ ይታሰባል።

የመጨረሻው ነገር ሽምግልና ነው። ወሎ ውስጥ ባለመኪናና ነጋዴ ሲጋጩ ሽማግሌ ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ «50,000 ይክፈልሽና ይቅር በይው» ይባላል። ለሰላሙ ጥሩ ነው። ለካሳው ግን አደገኛ ነው። ኩባንያው ለእናንተ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን ባለመኪና በእናንተ ቦታ ሆኖ የመጠየቅ መብት አለው። እናንተ «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁ ያ መብት ጠፋ ማለት ነው፤ ኩባንያውም በዚህ ምክንያት ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። ሽማግሌዎቹን «ኢንሹራንስ ገብቼበታለሁ፣ እነሱ ሳያውቁ መፈረም አልችልም» በሏቸው። ያከብሩታል። ባለመኪናው ራሱ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ እሱም ከኩባንያው ፈቃድ ሳያገኝ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ መፈረም አይኖርበትም፤ ስለዚህ ይህን ስትሉት ቅር አይለውም።